100 ሜጋቢት ተከፍሎበት ፋይሉ ለምን ያዘግማል?

አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የቪዲዮ ባለሙያ አሜሪካ ካለ ሰርቨር 700 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ማውረድ ፈለገ እንበል። ቤቱ የገባው የፋይበር መስመር በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። የፍጥነት መለኪያውን ሲከፍት ቁጥሩ 97 ላይ ይቆማል። ፋይሉን ማውረድ ሲጀምር ግን ስክሪኑ ላይ የሚያየው በሰከንድ 260 ኪሎባይት ብቻ ነው። በአንድ ደቂቃ ማለቅ የነበረበት ፋይል 45 ደቂቃ ሊፈጅበት ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ደንበኞች አገልግሎት ይደውላል፣ አልሆን ሲለው 200 ሜጋቢት የሚሰጠውን ጥቅል ይገዛል። ከዚያም በኋላ ቁጥሩ ያው 260 ነው።

እዚህ ላይ የዋሸ የለም። መለኪያው ያሳየው ፍጥነት እውነተኛ ነው፤ መስመሩም የተባለውን ይሸከማል። ችግሩ ያለው ማንም በማያስተዋውቀው ሌላ ቁጥር ውስጥ ነው።

የኢንተርኔት ጥቅል ሲሸጥ የሚነገረው የመስመሩ ስፋት ነው፤ ባለሙያዎች ባንድዊድዝ ይሉታል። ሁለተኛው ቁጥር መረጃ ከሰርቨሩ ወደ ደንበኛው ደርሶ መልሱ ወደ ሰርቨሩ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ይህን ደርሶ መልስ የሚወስነው በመጀመሪያ ደረጃ ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 23,000 ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑ ያለምንም ማቆሚያ ቢጓዝ እንኳ ከ115 ሚሊሰከንድ በታች ሊመለስ አይችልም። ኬብል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። በጅቡቲ በኩል የወጣ መረጃ ቀይ ባሕርን፣ ግብፅንና ሜዲትራኒያንን አልፎ አውሮፓ ይደርሳል፤ ከዚያም አትላንቲክን ይሻገራል። በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች የሚወስዱት ጊዜ ሲጨመርበት 250 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሩብ ሰከንድ፣ ብዙም የሚያስገርም አይደለም።

ሩብ ሰከንድ ለሰው ዐይን ኢምንት ነው። ፋይል ለሚልክ ሰርቨር ግን ረጅም ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሰርቨሩ ፋይሉን በአንድ ጊዜ ዘርግፎ አይልክም። አብዛኛውን የፋይል ዝውውር የሚመራው ቲሲፒ የተባለው የመገናኛ ሥርዓት የተላከው ሁሉ መድረሱን በደረሰኝ ያረጋግጣል። ደረሰኝ ሳይመጣ በመንገድ ላይ ሊኖር የሚችለው መረጃም ጣሪያ አለው። ይህ ጣሪያ መስኮት ይባላል።

ነገሩ ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ነጋዴው ለአንድ ደንበኛ ከ10 ኩንታል በላይ በዱቤ አይሰጥም፤ የቀደመው ሒሳብ ሲገባለት ብቻ የሚቀጥለውን ይጭናል። ደንበኛው ኮልፌ ከሆነ ገንዘቡ በዕለቱ ይመጣል፣ ነጋዴውም በየቀኑ 10 ኩንታል ይልካል። ደንበኛው ሞያሌ ሆኖ ሒሳቡ በሳምንቱ የሚመለስ ከሆነ ግን በሳምንት የሚሄደው 10 ኩንታል ብቻ ነው። የሞያሌን መንገድ ስድስት መኪና ጎን ለጎን እንዲያስኬድ አድርጎ ማስፋት ይህን መጠን በአንዲት ኩንታል አይጨምረውም። የሚጨምረው ዱቤው ከፍ ሲል ነው።

ዱቤው ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት? መልሱ በአንድ ማባዛት ይገኛል። የመስመሩ ስፋት በደርሶ መልሱ ጊዜ ሲባዛ፣ መስመሩ ባዶ ሳይሆን እንዲቆይ በማንኛውም ቅጽበት በመንገድ ላይ መኖር ያለበትን የመረጃ መጠን ይሰጣል። ባለሙያዎች ባንድዊድዝ ዲሌይ ፕሮዳክት የሚሉት ይህን የስፋትና የመዘግየት ብዜት ነው። ለአዲስ አበባው ባለሙያ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

```
100,000,000 bit/s × 0.25 s = 25,000,000 bit = 3,125,000 byte
```

ሦስት ሜጋባይት ከሚበልጥ መረጃ ያነሰ በመንገድ ላይ ካለ፣ መስመሩ በከፊል ባዶውን ይውላል ማለት ነው።

አሁን ወደ 260 ኪሎባይቱ እንመለስ። የቲሲፒ መሠረታዊ ሰነድ በ1981 ሲወጣ ለመስኮቱ መጠን መጻፊያ የተመደበለት ቦታ 16 ቢት ነበር። በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 65,535 ስለሆነ፣ ከዚያ የበለጠ ባይት ያለ ደረሰኝ መላክ አይቻልም ነበር። በዚያ ዘመን መስመሮች ዘገምተኛ ስለነበሩ ይህ ከበቂም በላይ ነበር። በዛሬው መስመር ላይ ግን 65,535 ባይት በየሩብ ሰከንዱ አንድ ጊዜ ቢላክ በሰከንድ 262 ኪሎባይት፣ ማለትም 2.1 ሜጋቢት ብቻ ይሆናል። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ያየው ቁጥር ይኸው ነው። መስመሩን ወደ 200 ሜጋቢት ማሳደጉ ያልጠቀመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በስሌቱ ውስጥ የመስመሩ ስፋት ጨርሶ አልገባም።

ያው መስኮት ቅርብ ላለ ሰርቨር ሲሆን ውጤቱ ይለወጣል። ሰርቨሩ እዚያው ከተማ ውስጥ ሆኖ ደርሶ መልሱ 5 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ 65,535 ባይት በሰከንድ 200 ጊዜ ይላካል። ይህም 105 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይሞላዋል። የፍጥነት መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለውን ሰርቨር መርጠው፣ በዚያ ላይ ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከፍተው ስለሚለኩ 97 ማለታቸው አያስደንቅም።

መሐንዲሶች ይህን ችግር ቀደም ብለው አይተውታል። በ1992 ቫን ጃኮብሰን፣ ሮበርት ብሬደንና ዴቪድ ቦርማን ባወጡት ሰነድ መስኮቱን እስከ አንድ ጊጋባይት ድረስ የሚያሰፋ መንገድ ቀረበ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ የመስኮቱ ቁጥር በስንት እንደሚባዛ ይነጋገራሉ። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፣ መስኮቱንም እንደ አስፈላጊነቱ ያሳድጋሉ። ሆኖም ንግግሩ የሚካሄደው በመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለ አሮጌ ወይም በትክክል ያልተስተካከለ መሣሪያ መልእክቱን ከሰረዘው ግንኙነቱ እስከ መጨረሻው በ65,535 ታስሮ ይቀራል። አንዳንድ ፕሮግራሞችም ከቲሲፒ በላይ የራሳቸውን ትንሽ መስኮት ይጨምራሉ። በሰርቨሩ በኩል ለመላኪያ የተመደበው ማህደረ ትውስታ አነስተኛ ከሆነም ደንበኛው ጋ ያለው ሰፊ መስኮት ዋጋ የለውም።

መስኮቱ ከሁሉም አቅጣጫ ቢሰፋ እንኳ አንድ ጠላት ይቀራል፦ በመንገድ የሚጠፋ ፓኬት። ቲሲፒ ፓኬት ሲጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ስለሚያስብ የሚልከውን መጠን ይቀንሳል። ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የቀድሞው ዘዴ መጠኑን በግማሽ ይቀንስና በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ አንድ ፓኬት ብቻ እየጨመረ ይመለሳል። ለቅርቡ ሰርቨር ይህ ቀላል ነው። መስመሩን ለመሙላት 43 ያህል ፓኬቶች ስለሚበቁ፣ የተቀነሰው ግማሽ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ይተካል። ለቨርጂኒያው ሰርቨር ግን 2,140 ያህል ፓኬቶች በመንገድ ላይ መኖር አለባቸው። ግማሹን፣ 1,070ውን፣ አንድ በአንድ ለመመለስ 1,070 ደርሶ መልስ ያስፈልጋል። ይህም አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በዚያ መካከል ሌላ አንድ ፓኬት ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ደካማ የዋይፋይ ምልክት በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ፓኬት ቢጥል፣ ቅርብ ካለ ሰርቨር የሚመጣ ፊልም ሳይቆራረጥ ይታያል፤ ከሩቅ የሚወርደው ፋይል ግን አይነሣም። ኪዩቢክ የተባለውና ዛሬ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የተለመደው ዘዴ ከዚህ በጣም ፈጥኖ ያገግማል፤ ጉግል በ2016 ያስተዋወቀው ቢቢአር ደግሞ አንድ ፓኬት በመጥፋቱ ብቻ መጠኑን አይቀንስም። ሁለቱም የሚመረጡት ግን በላኪው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ አውራጁ በእጁ ያለ ነገር አይደለም።

የኬብል መቆረጥም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይታያል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት የባሕር ሥር ኬብሎች በተጎዱ ጊዜ በእነርሱ ይሄድ የነበረው መረጃ ወደ ሌሎች መንገዶች ዞሯል። መረጃ ዞሮ ሲሄድ ደርሶ መልሱ ይረዝማል። ለምሳሌ ከ250 ወደ 350 ሚሊሰከንድ ቢያድግ፣ መስኮቱ የታሰረበት ማውረጃ መስመሩ ሳይጨናነቅ እንኳ ከ2.1 ወደ 1.5 ሜጋቢት ይወርዳል።

ችግሩ ይህ መሆኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል? የመጀመሪያው እርምጃ ከሰርቨሩ ጋር ያለውን ደርሶ መልስ መለካት ነው። የኮምፒውተሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ `ping` ብሎ የሰርቨሩን ስም መጻፍ ይበቃል፤ `time=250 ms` የመሰለ መልስ ይመጣል። በመልሶቹ መካከል የሚዘለሉ ካሉም የፓኬት መጥፋት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሙከራ ያንኑ ፋይል በመጀመሪያ በአንድ ግንኙነት፣ ቀጥሎ በአራት ማውረድ ነው። አሪያ2 በተባለው ነፃ ፕሮግራም ትእዛዞቹ እነዚህ ናቸው፤ በ`URL` ቦታ የፋይሉ አድራሻ ይገባል፦

```
aria2c -x 1 -s 1 URL
aria2c -x 4 -s 4 URL
```

በአራት ግንኙነት ፍጥነቱ ወደ አራት እጥፍ ከተጠጋ መስመሩ አልሞላም ነበር ማለት ነው፤ አንዱን ግንኙነት ያሰረው መስኮቱ ወይም የፓኬት መጥፋት ነው፤ ወይም ሰርቨሩ ራሱ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ገደብ አስቀምጧል። በአራትም በአንድም እኩል ከሆነ ግን መስመሩ ወይም ሰርቨሩ አቅሙ እዚያ ድረስ ነው። ዳውንሎድ ማናጀር የሚባሉት ፕሮግራሞች ለብዙዎች ተአምር የሚመስሉት ፋይሉን ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መስኮት ስለሚያስከፍቱለት ነው። ይህ መንገድ ገደብ አለው፤ ብዙ ሰርቨሮች ከአንድ ሰው የሚመጡ በርካታ ግንኙነቶችን አይፈቅዱም።

ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ርቀቱን ራሱን ማሳጠር ነው። ትልልቅ የቪዲዮ ድርጅቶች ፊልሞቻቸውን በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ቅጂ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮችም ኬንያንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ቅጂ አላቸው፤ የማውረጃ ገጻቸው ላይ ከዝርዝሩ ቅርቡን መምረጥ ይቻላል።

ስለዚህ ከፍ ላለ ጥቅል ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የአሥር ደቂቃ ሙከራ ያድርጉ። ፋይሉን ከቅርብ ሰርቨርና ከሩቅ ሰርቨር አውርደው ያነጻጽሩ፤ ከዚያም ግንኙነቱን አራት አድርገው ይድገሙት። ሁሉም ከመስመርዎ ስፋት ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ተጨማሪ ሜጋቢት ይጠቅምዎታል። ቅርቡ ፈጥኖ ሩቁ ካዘገመ ራውተርዎን ያድሱ፣ ዋይፋዩን በገመድ ይተኩ፣ ቅርብ ያለ ቅጂ ይፈልጉ። አዲሱን ጥቅል ለጊዜው ይተዉት።