መልሱ ከተሳሳተ ዜሮ ነው?

በአንድ የ7ኛ ክፍል ወርክሺት ላይ 4 ነጥብ የሚይዝ ጥያቄ አለ እንበል። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 17 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ግቢ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር 600 ብር ከተጠየቀ ጠቅላላ ወጪው ስንት ይሆናል? ትክክለኛው መልስ 244,800 ብር ነው። አንዲት ተማሪ ግን 232,800 ብላለች።

"ሒሳብ ወይ ትክክል ነው ወይ ስሕተት" የሚለው እምነት እዚህ ጋ ኤክስ ያስደርጋል። ወረቀቷን ወደ ላይ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 24 × 17 ብላ ጽፋለች፤ ስፋት መፈለግ እንዳለባት ገብቷታል ማለት ነው። 24 × 10 = 240 አለች፣ ልክ ነው። ቀጥሎ 24 × 7 = 148 አለች። 7 ጊዜ 4 ሃያ ስምንት ሲሆን 8ቱን ጽፋ፣ በእጇ የያዘችውን 2 ሳትደምር ቀረች። 168 መሆን የነበረበት 148 ሆነና 408 ካሬ ሜትር የነበረው ስፋት 388 ሆነ። ከዚያ 388 × 600 = 232,800። ይህ የመጨረሻው ማባዛት ምንም እንከን የለውም።

አራቱ ነጥቦች ከማረም በፊት ቢከፋፈሉ፣ አንዱ 24 × 17 ለማለቷ፣ አንዱ ለ408፣ አንዱ ያገኘችውን ስፋት በ600 ለማባዛቷ፣ አንዱ ደግሞ ለመጨረሻው ስሌት ይሆናል። ልጅቷ የምታጣው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ 3 ከ4 ታገኛለች። የእንግሊዝ የሒሳብ ፈተናዎች የማረሚያ መመሪያዎች ይህንን በግልጽ ይለያሉ፤ "ኤም" የሚባለው ነጥብ ለዘዴ፣ "ኤ" የሚባለው ለትክክለኛ ውጤት ነው። ተማሪው ከሳተው ቁጥር ተነስቶ በትክክል ከቀጠለ ተከትሎ የሚሰጥ ነጥብም አለ። አንዱን መሳት ሁለቴና ሦስቴ ማስከፈል ስለሌለበት ነው። ይህ ግን አራሚው ቀድሞ የሚወስነው ነው፤ የመጨረሻውን ነጥብ ለ244,800 ብቻ ካስያዘው ልጅቷ 2 ታገኛለች። ሁለቱም ያስኬዳል፤ የማያስኬደው በአንዷ ወረቀት ላይ አንደኛውን፣ በጓደኛዋ ላይ ሌላውን መጠቀም ነው።

"የከፊል ነጥብ ማለት ማዘን ነው" የሚሉ አሉ። አልስማማም። እዝነት የሚሆነው ወረቀቱ ላይ የሌለውን ስንሰጥ ነው። ከአጠገቧ ያለው ተማሪ 2 × (24 + 17) = 82፣ ከዚያም 82 × 600 = 49,200 ቢል፣ ስሌቱ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳተም። ግን የለካው የግቢውን ዙሪያ ነው፤ ለንጣፍ የሚያስፈልገው ደግሞ ስፋት ነው። ተከትሎ የሚሰጠው ነጥብ "ስፋት ብሎ ካገኘው ቁጥር" ተብሎ ከተያዘ እሱ አያገኝም። ቁጥሩ ንጹሕ የሆነው ልጅ ዜሮ፣ ቁጥሯ የሳተው ልጅ 3 ማግኘታቸው ለወላጅ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ለእኔ ግን የእርማቱ ትርጉም ያለው እዚያው ነው።

መልስ ትክክል ስለሆነ ብቻ ዘዴውም ትክክል ነው ማለትም አይደለም። 16/64ን አቅልል ሲባል ከላይና ከታች ያሉትን 6ቶች ሰርዞ 1/4 የሚል ተማሪ መልሱን አግኝቷል። በዚያው መንገድ 13/34 ላይ 3ቶቹን ቢሰርዝ ግን 1/4 ይልና ይሳሳታል። አሠራር እንዲታይ የሚጠይቅ ወርክሺት ላይ ለዚህ የዘዴ ነጥብ አይሰጠውም።

መንሸራተትና አለማወቅ የሚለዩት በመደጋገም ነው። ያችው ተማሪ በሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ላይም በእጇ የያዘችውን ሳትደምር ካለፈች፣ ይህ የአንድ ቅጽበት መዘንጋት አይደለም፤ ማባዛቱን እንደገና መማር አለባት። ወረቀቷ ላይ 232,800 ብቻ ተጽፎ ቢሆን ደግሞ አራሚው የዘዴ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም፤ በማካፈል 388 ላይ ቢደርስም የእሱ ግምት እንጂ የእሷ ሥራ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ስለሚታረም እዚያ አሠራሯን የሚያይላት የለም፤ ክፍል ውስጥ ያለው ወርክሺት ግን ያያል።

እኔ ሳርም ኤክሱን መልሱ ላይ አላደርግም። 148ን አክብቤ፣ ከጎኑ "በእጅሽ የያዝሽው 2 የት ሄደ?" ብዬ እጽፋለሁ፤ ከ388 ጀምሮ ባለው ላይ ራይት አደርጋለሁ። ተከትሎ ማረም ጊዜ ይወስዳል፤ 60 ተማሪ ላለው ክፍል በየሳተው ቁጥር እንደገና ማስላት ካልኩሌተር ይፈልጋል። ወርክሺቱ የ4ኛ ክፍል የማባዛት ልምምድ ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ አላርመውም። እዚያ የሚለካው 24 × 7 ራሱ ስለሆነ 148 ነጥቡን ያጣል።