መሬት ያልረገጠው ጫማ

በቴሌግራም ገበያ ከሚለጠፉ ፎቶዎች መካከል አንድ ቡናማ የቆዳ ጫማ እንውሰድ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ስፌቱ ይቆጠራል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። ጀርባው ተቆርጦ ነጭ ከተደረገ ወዲህ ግን ጫማው የቆመ አይመስልም፤ አየር ላይ ተንሳፏል። ሻጩ ብርሃኑን ይጨምራል፣ ቀለሙን ይነካካል፣ ምንም ለውጥ የለም። የጎደለው ከጫማው ላይ አይደለም፤ ጀርባው ሲቆረጥ ከስሩ የነበረው ጥላ አብሮ ሄዷል።

ዓይን አንድ ዕቃ መሬት መንካት አለመንካቱን ሲፈርድ ጥላውን አጥብቆ ያምናል። ዳንኤል ከርስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ሳጥን ውስጥ የምትንቀሳቀስ ኳስ በኮምፒውተር ሠርተው ለሰዎች አሳይተው ነበር። የኳሷ መንገድ ሳይለወጥ የጥላዋ መንገድ ብቻ ተለወጠ። ጥላዋ ከስሯ ሳይለይ ሲከተላት ተመልካቾች ወለሉ ላይ ስትንሸራተት አዩዋት፤ ከስሯ ሲርቅ ደግሞ ያችው ኳስ ከወለሉ ስትነሳ ታየቻቸው።

ብዙ ሰው ታዲያ ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቶ Drop Shadow የሚለውን ይጫናል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ይብሳል። ይህ መሣሪያ የዕቃውን ቅርጽ እንዳለ ገልብጦ ትንሽ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ጫማው ወለል ላይ የቆመ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል።

ጫማውን መሬት የሚያስረግጠው የንክኪ ጥላ ነው፤ ሶሉ ወለሉን በነካበት ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን፣ በጣም ጠቆር ያለ መስመር። እዚያ ጠባብ ቦታ ብርሃን ከየትም አቅጣጫ መግባት አይችልም። ሶሉ ከወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃን ከጎን ይሰርጋል፣ ጥላውም እየሳሳ ጠርዙ ይደበዝዛል። የመደብዘዙን መጠን በግምት ማስላት ይቻላል። 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሶፍትቦክስ ከጫማው 120 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ የጥላው ጠርዝ ብዥታ ሶሉ ከወለሉ ከተነሳበት ከፍታ ግማሽ ያህል ይሆናል። ተረከዙ ስር ክፍተት የለም ማለት ይቻላል፣ ጠርዙም ስል ነው። መሃል እግሩ ላይ ሶሉ 2 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ግን ብዥታው 1 ሳንቲሜትር ይደርሳል።

ይህን ወደ ምስሉ እናምጣው። 30 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ጫማ በፎቶው ላይ 1500 ፒክስል ከያዘ፣ አንድ ሳንቲሜትር 50 ፒክስል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪው ከጫማው ስር ሁለት ሌየር ይከፍታል፤ የሁለቱንም ሁነታ Multiply ያደርገዋል። በመጀመሪያው ላይ ተረከዙና የፊተኛው ሶል ወለሉን በሚነኩበት ቦታ ብቻ ቀጭን መስመር ይስልና Gaussian Blur ላይ 2 ወይም 3 ፒክስል ይሰጠዋል። መሃሉንና ከወለሉ ቀና ያለውን የጫማውን አፍንጫ በዚህ መስመር አይነካም። በሁለተኛው ላይ ሰፋ ያለውን፣ የደበዘዘውን ጥላ በስሱ ያነጥፋል። ቀለሙ ድፍን ጥቁር ባይሆን ይመረጣል፤ የቡናማ ቆዳ ጥላ ትንሽ ቡናማ ይዞ ነው የሚወድቀው።

ነጸብራቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ጥቁር አክሪሊክ ያነጥፋሉ፤ ተራ መስታወት ምስሉን ደርቦ ያሳያል፣ አንዱን ከፊቱ፣ ሌላውን ከጀርባው ቅብ። በጥቁር አክሪሊክ ላይ ጥላ አይለይም፤ ዕቃውን የሚያስቀምጠው ነጸብራቁ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር ሲሠራ ግን ጥንድ ጫማ ብዙዎችን ያሳስታል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቆመው ሳለ ሙሉውን ፎቶ አንድ ላይ ገልብጦ ከታች የሚያስቀምጥ ሰው የፊተኛውን ያሳካል፤ የኋለኛው ነጸብራቅ ግን ከጫማው ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ጫማ በራሱ የንክኪ መስመር ላይ ለብቻው መገልበጥ አለበት። ፎቶው ከላይ ወደ ታች የተነሳ ከሆነ ደግሞ ይህም አይሠራም። እውነተኛ ወለል የሚያሳየው የሶሉን ሆድ ነበር፤ ያ ደግሞ ፎቶው ውስጥ የለም። ከዚህም ሌላ የሚያብረቀርቅ ወለል ከላይ በቀጥታ ሲታይ ከብርሃኑ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይመልሳል፤ ደምቆ የሚያንጸባርቀው ዝቅ ብለው ሲያዩት ነው። ስለዚህ ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ ደማቅ ነጸብራቅ መጨመር ራስን ማጋለጥ ነው።

አንዱን ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ሻጭ ነጸብራቁን ይተወውና የንክኪ ጥላውን ይሥራ። ገና ያላነሳ ደግሞ ጫማውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ ያንሳው፤ ጀርባውን ሲቆርጥም እውነተኛውን ጥላ አብሮ አይጣለው።