ኮሚሽኑ ከየት ይጀምራል? ባለሱቅ ለሻጮቹ የሚጽፈው ደብዳቤ

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንውሰድ። ባለቤቱ ሻጮቹን ሰብስቦ፣ «ከዚህ ወር ጀምሮ ሦስት ፐርሰንት ኮሚሽን አለ፤ ታርጌቱ አራት መቶ ሺህ ብር ነው» ይላቸዋል። ሁሉም ደስ ብሏቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ወሩ ሲያልቅ አንዷ ሻጭ 520,000 ብር ሸጣ ትገኛለች። በልቧ የያዘችው 15,600 ብር ነው፤ ባለቤቱ አዘጋጅቶ የጠበቃት ግን 3,600 ብር ነው። እሷ የሸጠችውን ሁሉ በሦስት ፐርሰንት አባዛች፤ እሱ ያሰላው ከአራት መቶ ሺህ በላይ ያለውን 120,000 ብር ብቻ ነው። ማንም ማንንም አላታለለም። ግን የ12,000 ብር ልዩነት በመካከላቸው ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ሁሉ ደግሞ ለሠራተኛዋ ሰበብ መስሎ ይሰማታል።

ስለዚህ ማብራሪያው ወሩ ከመጀመሩ በፊት፣ በጽሑፍ መድረስ አለበት። የደብዳቤው ዋና አንቀጽ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ከወር ደመወዛችሁ ሌላ የሽያጭ ኮሚሽን ይከፈላችኋል። የእያንዳንዳችሁ የወር ታርጌት ቫት ሳይጨመር 400,000 ብር ነው። እስከዚህ ድረስ ለተሸጠው ኮሚሽን አይታሰብም። ከዚህ በላይ ለተሸጠው ግን፣ ከበለጠው ብር ላይ ብቻ 3 በመቶ ይታሰባል። ለምሳሌ 520,000 ብር የሸጠ ሰው 400,000 ይቀነስና 120,000 ይቀራል፤ የዚህ 3 በመቶ 3,600 ብር ነው። 390,000 ብር የሸጠ ሰው ለዚያ ወር ኮሚሽን አያገኝም፤ ከደመወዙ ግን ምንም አይቀነስበትም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። ታርጌት ሲባል የብዙ ሠራተኛ የመጀመሪያ ስጋት «ባልሞላስ?» የሚለው ነው፤ አፍ አውጥቶ ግን አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ኮሚሽኑ ለምን ከመጀመሪያው ብር እንደማይጀምር ነው። ሐቀኛ ባለሱቅ ምክንያቱን በቁጥር ቢያሳይ ይሻላል። ሱቁ ከሚሸጠው ዕቃ የሚያተርፈው አሥር በመቶ ነው እንበል። አንድ ሻጭ 400,000 ብር ሲሸጥ ለሱቁ የሚቀረው 40,000 ብር ነው፤ ይህም ለዚያ ሻጭ ደመወዝና ከኪራይ፣ ከመብራት፣ ከጥበቃና ከመጋዘን ለሚደርሰው ድርሻ ያልቃል። ከዚያ በላይ የተሸጠው 120,000 ብር 12,000 ብር ያተርፋል፤ ከዚህ ውስጥ 3,600 ብሩ ወደ ሻጩ ይሄዳል። ሦስት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ከተጨማሪው ትርፍ ሲታይ ግን ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ነው። ታርጌቱ እንዲህ ካለ ሂሳብ ካልወጣና ባለቤቱ እንዲሁ ክብ ቁጥር ስለወደደ ብቻ ከተቆረጠ፣ ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ሻጮቹ በሁለተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣሉ። ባለፈው ዓመት ከአሥራ ሁለቱ ወራት በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ የተደረሰበት ሽያጭ ታርጌት ሊሆን አይገባም።

አንዳንድ ባለሱቆች ታርጌቱን ላለፈ ሰው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ይከፍላሉ። ለሠራተኛው የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን 399,000 የሸጠው ባዶ እጁን ሲሄድ 401,000 የሸጠው 12,030 ብር ይወስዳል። በሁለት ሺህ ብር ሽያጭ ምክንያት እንዲህ ያለ ልዩነት ሲፈጠር፣ ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘመድ ለምኖ ማስገዛት፣ ከጓደኛ ሽያጭ መበደር፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመለስ ዕቃ መቁረጥ ይጀመራል። ከበለጠው ላይ ብቻ ሲታሰብ ታርጌቱን በ1,000 ብር ያለፈ ሰው 30 ብር ያገኛል፤ ማንም ለ30 ብር ብሎ ደረሰኝ አያጭበረብርም።

ይህኛውም ቢሆን የራሱ ድክመት አለው። በወሩ 25ኛ ቀን 300,000 ላይ የቆመ ሻጭ ታርጌቱን እንደማይደርስ ያውቃል፤ ስለዚህ የመጣለትን ገዢ «ሰኞ ይምጡ፣ አዲስ ዕቃ ይገባል» ብሎ ወደሚቀጥለው ወር ሊያሻግረው ይችላል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው የቀን ሽያጩን ሲያይ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ ቀናት ከሌላው ጊዜ እየቀዘቀዙ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ሽያጩ የሚዘል ከሆነ ነገሩ ያ ነው። እንዲህ ሲሆን ታርጌቱን ዝቅ አድርጎ ፐርሰንቱንም አብሮ መቀነስ ይሻላል፤ ለመድረስ ተስፋ ያለው ሰው ገዢ አይመልስም።

አሁን «ሽያጭ» ተብሎ ወደሚቆጠረው ነገር እንምጣ፤ እውነተኛው ጭቅጭቅ ያለው እዚህ ነው። ሻጯ በማስታወሻ ደብተሯ የምትጽፈው ገዢው የከፈለውን ነው፤ ያ ብር 15 በመቶ ቫት አለበት። ደብተሯ 598,000 ቢል ቫቱ ሲወጣ 520,000 ነው። በደብተሯ መሠረት ኮሚሽኗ 5,940 ብር ይሆን ነበር፤ በደብዳቤው መሠረት 3,600 ነው። ቫቱ የሱቁ ገንዘብ ስላልሆነና ለመንግሥት ገቢ ስለሚደረግ ከሂሳቡ መውጣቱ ተገቢ ነው፤ አወጣጡ ግን በትክክል ይሁን። የከፈለውን ብር ለ1.15 ማካፈል እንጂ ከላዩ 15 በመቶ መቀነስ አይደለም። በ46,000 ብር የተሸጠ ፍሪጅ ያለ ቫት 40,000 ነው። ከ46,000 ላይ 15 በመቶ የቀነሰ ሂሳብ ሠራተኛ 39,100 ያገኛል፤ በየዕቃው 900 ብር ከሻጩ ሽያጭ ላይ እየጎደለ ይሄዳል ማለት ነው። ደብዳቤው በካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ ከቫት በፊት የታተመውን ቁጥር እንደሚወስድ ቢናገር ማንም ማካፈል አያስፈልገውም።

በዱቤ የወጣ ዕቃና የተመለሰ ዕቃም እንዲሁ ይጻፉ። በዱቤ የተሸጠው ገንዘቡ በገባበት ወር ይቆጠራል ቢባል ሻጩ ራሱ ገዢውን ያስታውሳል። የተመለሰ ዕቃ በተመለሰበት ወር ከሽያጩ ይቀነሳል፤ የተከፈለ ኮሚሽን ተመልሶ አይጠየቅም። ሁለት ሻጮች አንድን ገዢ ካስተናገዱስ? ሽያጩ ስሙ ደረሰኙ ላይ ለተጻፈው ነው፤ ለሁለት መካፈል ከፈለጉ ደረሰኙ በተቆረጠበት ቀን ለካሸሯ ያስመዝግቡ።

ቅናሽ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከሽያጭ ነው፤ ከትርፍ አይደለም። ያንኑ የ40,000 ብር ፍሪጅ እንመልከት። ሱቁ ከእሱ 4,000 ብር ያተርፋል፤ ታርጌቷን ያለፈችው ሻጭ 1,200 ብር ታገኛለች። ገዢው ሲከራከራት 2,000 ብር ብትቀንስለት የሱቁ ትርፍ በግማሽ ወርዶ 2,000 ይሆናል፤ የእሷ ኮሚሽን ግን ከ1,200 ወደ 1,140 ብቻ ይወርዳል። ስልሳ ብር ከፍላ ሽያጩን ታረጋግጣለች፤ ሁለት ሺሁን የሚከፍለው ሱቁ ነው። እሷ በዚህ አትወቀስም፤ አከፋፈሉ ራሱ ወደዚያ ይገፋታል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ፣ «እስከ 1 በመቶ ቅናሽ በራሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው እኔን ወይም ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ» የሚል መስመር ይግባ። ይህን የረሳ ባለሱቅ ሽያጩ አድጎ ባንክ ያለው ብር ለምን እንዳላደገ ሲፈልግ ይከርማል።

ወር የሚባለውም መወሰን አለበት። ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም፤ ሱቁ ግን አምስቱንም ቀን ክፍት ነው፤ የአዲስ ዓመት ገበያም ያኔ ነው። በደብዳቤው ካልተጠቀሰች ያ ሽያጭ ባለቤት አልባ ይሆናል። ከነሐሴ ጋር ትቆጠር ከተባለ የነሐሴ ታርጌት በቀኑ ልክ ይጨምራል፤ ይህም አስቀድሞ ይነገር። የበዓል ወራትና የጾም ወራትም እኩል ገበያ ስለሌላቸው ለየወሩ የተለያየ ታርጌት ማውጣት ይቻላል፤ ግን የዓመቱ ሰንጠረዥ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ይሰጥ። ወሩ ከተጀመረ በኋላ ታርጌት ከፍ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሕመም ወይም የዓመት ዕረፍት ላይ ለነበረ ሰውም ታርጌቱ በሠራበት ቀን ልክ ይውረድ፤ ከ26 የሥራ ቀን 13ቱን የሠራ 200,000 ይበቃዋል።

ስለ ግብርም ሳይሸፋፈን ይነገር። ኮሚሽን ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ምጣኔ፣ 8,000 ብር ደመወዝ ያላት ሻጭ ግብሯ 1,150 ብር ነው። 3,600 ብር ኮሚሽን ሲጨመር ገቢዋ 11,600 ይሆንና ግብሯ 2,130 ይደርሳል። ከኮሚሽኑ የተቆረጠው 980 ብር ነው፤ በእጇ የሚገባው 2,620። የጡረታ መዋጮዋ የሚሰላው ከደመወዟ ስለሆነ አይለወጥም። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ አድርጎታል፤ ስለዚህ ሥራ ሲቋረጥ የሚከፈል ስንብትን የመሰለ በደመወዝ የሚሰላ ክፍያ ላይ አይደመርም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚደራደረው በደመወዙ ላይ ይሆናል።

በመጨረሻ የክፍያው ቀን ይጻፋል። ወሩ ባለቀ በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ሻጭ አንድ ወረቀት ይደርሰዋል፤ በላዩ የደረሰኞቹ ቁጥር፣ ከቫት በፊት ያለው ድምር፣ የተመለሰው ዕቃ፣ ታርጌቱ፣ ከዚያ የበለጠው ብርና ኮሚሽኑ ተዘርዝረዋል። ሻጩ ከደብተሩ ጋር አመሳክሮ ያልተስማማበትን በሦስት ቀን ውስጥ ደረሰኙን ይዞ ያቀርባል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል፤ አንዱ ሠራተኛው ዘንድ፣ ሌላው በሱቁ ፋይል ይቀመጣል።