ማስታወቂያ ያልወጣለት የልምምድ ቦታ

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለተግባር ልምምድ ይወጣል። ትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ቦታውን የሚያፈላልገው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ነው። ኮንትራክተሮች ለዚህ ማስታወቂያ የሚያወጡት ከስንት አንዴ ነው። ተለማማጅ እንደ ቅጥር ሠራተኛ በጀት የሚያዝለት አይደለምና የሳይት መሐንዲሱ «አንድ ልጅ ይምጣ» ካለ ነገሩ ያልቃል። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ግን እሱ እጅ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ መሐንዲሱን እንዴት ማግኘት ይቻላል? አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር በማሳቹሴትስ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ካለው ሰው ነው።

ራቅ ያለው ሰው ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ስሙን ትቶ ሄዷል። የቀድሞ ተማሪዎች የልምምድ ሪፖርት ከተቀመጠ የተቀበላቸው ድርጅት፣ የሠሩት ሥራና ብዙ ጊዜም የተቆጣጣሪያቸው ስም እዚያው ይገኛል። አንዲት ተማሪ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ሪፖርት አንብባ ጸሐፊውን በቴሌግራም አገኘችው እንበል። መልእክቷ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስምዎን ያገኘሁት ትምህርት ክፍላችን ካለው የልምምድ ሪፖርትዎ ነው፤ የኮንክሪት ናሙናዎች በ7 እና በ28 ቀን ስለሚፈተኑበት የጻፉት ረድቶኛል። ከየካቲት ጀምሮ ልምምድ እወጣለሁ። ድርጅቱ አሁንም ተማሪ ይቀበል እንደሆነና ደብዳቤዬን ለማን ባደርስ እንደሚሻል ቢጠቁሙኝ? ካልተመቸዎት ችግር የለም።»

«ቦታ ይፈልጉልኝ» አላለችም። እሱ ቅጥር አይወስንም፤ ስም መጠቆም ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሲቪዋንም አላያያዘችም፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል ብዙዎች አይከፍቱትም። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ታስታውሰዋለች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሪፖርት ትሻገራለች።

ዘመድም ሲጠየቅ ያው ነው። «ሥራ አለ ወይ?» ከማለት «እድርተኞቻችሁ ውስጥ ሕንፃ ሥራ ላይ ያለ ማን አለ?» ማለት ይሻላል፤ አክስት ለመጀመሪያው «ልጠያይቅልሽ» ብላ ታልፋለች፣ ለሁለተኛው ግን ስም ትጠራለች። አደጋው የዘመድ ወዳጅ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ነው፤ ከላይ በትእዛዝ የመጣች ተማሪ ሳይት ላይ የሚያሠራት አጥታ ቢሮ ውስጥ ልትከርም ትችላለች። ምልክቱ ቀላል ነው፦ «ነይ ብቻ» ይባላል፣ የማን ተቆጣጣሪነት ሥር እንደምትሆን ግን አይነገራትም። እሱን ሳትጠይቅ ደብዳቤውን በድርጅቱ ስም ባታስጽፍ ይመረጣል፣ ቦታ ለመቀየር ደብዳቤውን እንደ አዲስ ማስጻፍ ሊኖርባት ይችላልና።