ግማሹን ስሎ ሙሉውን ማግኘት፦ የማርሽ ቤት በኮምፒውተር ሲነደፍ

የማርሽ ቤት ማለት ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው የሚሽከረከሩ ማርሾችን፣ የተሸከሟቸውን ሻፍቶችና ኩሽኔታዎች አቅፎ፣ ዘይቱንም ይዞ የሚቀመጥ የብረት ሳጥን ነው። ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ያለው የኩሽኔታ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎችና እግሩ በሌላውም ግድግዳ ላይ አሉ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚስል ሰው አንዱን ሥራ ሁለቴ ይሠራል። ይባስ ብሎም ሳምንት ቆይቶ ማስተካከያ ሲመጣ አንዱን ጎን ቀይሮ ሌላውን ይረሳል።

ሶሊድወርክስን የመሳሰሉ የንድፍ ፕሮግራሞች ለዚህ ሁለት ትእዛዞች አሏቸው። Mirror የተሳለውን ነገር መስታወት ውስጥ እንደሚታይ አድርጎ በማዶ ይደግመዋል። Pattern ደግሞ አንዱን ቅርጽ በክብ ዙሪያ ወይም በመስመር እየደረደረ ያባዛዋል። ትእዛዞቹን መጫን የደቂቃ ትምህርት ነው። የሚከብደው ምን ከመገልበጡ በፊት፣ ምን ከተገለበጠ በኋላ መሳል እንዳለበት መለየቱ ነው።

አንድ አነስተኛ ፍጥነት ቀናሽ እንውሰድ። ትንሹ ማርሽ 20፣ ትልቁ 60 ጥርስ አላቸው፤ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። የጥርሱ መጠን ሞጁል 2 ይሁን። ሞጁሉ በጥርሱ ብዛት ሲባዛ ማርሾቹ የሚነካኩበትን ክብ ዲያሜትር ይሰጣል፦ 40 እና 120 ሚሊ ሜትር። የሁለቱ ሻፍቶች ርቀት የእነዚህ ድምር ግማሽ ስለሆነ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እስከ ጥርሶቹ ጫፍ ስንለካ ትልቁ ማርሽ ከመሃሉ 62፣ ትንሹ 22 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በየጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብንተው የሳጥኑ ውስጥ ርዝመት 180 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ማርሾቹ 20 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፤ በግራና በቀኝ አሥር አሥር ሚሊ ሜትር ሲጨመር የውስጥ ስፋቱ 40 ነው። ግድግዳው 8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

አይጥ ከመነካቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህ ሳጥን በየት በኩል ነው ተመሳሳይ የሆነው? ብዙ ጀማሪ ሳጥን ስላየ ብቻ በሦስቱም አቅጣጫ ተመሳሳይ ይመስለዋል። አይደለም። በርዝመቱ ካየነው በአንደኛው ጫፍ ትልቅ፣ በሌላኛው ትንሽ ማርሽ አለ፤ ኩሽኔታዎቻቸውም ይለያያሉ። ከላይ ወደ ታች ካየነውም ዘይቱ የሚጠራቀምበት የታችኛው ክፍል ጠለቅ ማለት አለበት። እውነተኛው የመገልበጫ ወለል አንድ ብቻ ነው፦ ሻፍቶቹን በአግድም ቆርጦ፣ በማርሾቹ ውፍረት መሃል ለመሃል የሚያልፈው። ይህንን ከፕሮግራሙ Front Plane ጋር አንድ አድርገን እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ የስፋት ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ወለል ነው። ሻፍቶቹ የተኙበትን አግድም ወለል ደግሞ Top Plane ላይ እናደርጋለን። ሳጥኑ በኋላ ላይና ታች ሆኖ የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ግማሹን እንሥራ። Front Plane ላይ 196 በ168 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ተስሎ ወደ አንድ ጎን ብቻ 28 ሚሊ ሜትር ይሳባል፤ 20ው የውስጡ ስፋት ግማሽ፣ 8ቱ ግድግዳው ነው። ቀጥሎ Shell የሚባለው ትእዛዝ ይመጣል። ውፍረቱን 8 ብለን፣ ክፍት የሚሆነው ፊት በFront Plane ላይ ያለው እንዲሆን ስንመርጥ፣ አምስቱ ግድግዳዎች በአንዴ ይወጣሉ፤ መሃል ለመሃል በመጋዝ የተከፈለ ሳጥን ይመስላል። በጎኑ ግድግዳ ላይ ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡባቸው ሁለት ክብ ጉብታዎች 12 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣሉ። ለትንሹ ማርሽ ሻፍት 6204 ቁጥር ኩሽኔታ ብንመርጥ የውጭ ዲያሜትሩ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለትልቁ 6205 ቁጥር ቢሆን 52። ቀዳዳዎቹ በእነዚህ ልክ ይቦረቦራሉ።

እያንዳንዱን ኩሽኔታ ከውጭ የሚዘጋ ክዳን አለ፤ ክዳኑም በአራት ባለ 6 ሚሊ ቡሎኖች ይታሰራል። አራት ጉብታ በአራት ቡሎን 16 ቀዳዳ ነው። የምንስለው ግን ሁለት ብቻ ነው፦ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ አንድ። Circular Pattern ከፍተን የጉብታውን ክብ ፊት እንደ መዞሪያ እንመርጣለን፤ 360 ዲግሪ፣ ብዛት 4፣ እኩል ርቀት። ሁለቱ ቀዳዳዎች ስምንት ይሆናሉ፤ በኋላ ሳጥኑ ሲገለበጥ አሥራ ስድስት። ነገ ደንበኛው ቡሎኑ ባለ 8 ይሁን ቢል የሚነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ እጅ እንደመራን ከመሃሉ በስተቀኝ፣ በአግድሙ መስመር ላይ ብንስለው፣ ፓተርኑ አራቱን በ0፣ በ90፣ በ180 እና በ270 ዲግሪ ያስቀምጣቸዋል። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አያሳይም፤ ሥዕሉም ያምራል። ነገር ግን በ0 እና በ180 ያሉት ሁለቱ ሳጥኑ ላይና ታች ሆኖ በሚከፈልበት መስመር ላይ ያርፋሉ። ግማሽ ጥርሳቸው በላይኛው ክፍል፣ ግማሹ በታችኛው ይሆናል። መሰርሰሪያው መጋጠሚያውን ተከትሎ ይሸሻል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱን ክፍሎች ለማራራቅ ይገፋል፤ ዘይትም መውጫ ያገኛል። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በ45 ዲግሪ መጀመር ነው። ያኔ አራቱም መጋጠሚያውን ሸሽተው በ45፣ በ135፣ በ225 እና በ315 ይቀመጣሉ። ፓተርን የመጀመሪያውን ቅርጽ ጥበብም ጥፋትም እኩል ያባዛል፤ ስለዚህ ለአንዷ ቀዳዳ የሚሰጠው ጊዜ አይባክንም።

የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያያይዙት ቡሎኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። በመስመር ስለሚደረደሩ ብዙዎች Linear Pattern ይጠቀሙላቸዋል። እኔ አልመክርም። በእኛ ሳጥን ለክዳኖቹ እንዲበቁ ጉብታዎቹ 74 እና 79 ሚሊ ሜትር ቢሰፉ፣ በመሃላቸው የሚቀረው 3 ሚሊ ተኩል ብቻ ስለሆነ ቡሎን አይገባም። ቡሎኖቹ ጉብታዎቹን እየሸሹ ስለሚቀመጡ ርቀታቸው እኩል አይሆንም። በአንዱ ጎን ያሉትን በየቦታቸው ስሎ ሌላውን ጎን ለMirror መተው ይሻላል።

ግማሹ ካለቀ በኋላ ይገለበጣል። Mirror በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ለይቶ መገልበጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ቀዳዳውንም ጉብታውንም በማዶ እንደገና ያሰላዋል። ስሌቱ አንዳንዴ በተለይ የተጠጋጉ ጠርዞች ላይ ይከሽፋል። ሌላው መንገድ የተጠናቀቀውን ግማሽ አካል እንዳለ መገልበጥ ነው። Bodies to Mirror በሚለው ቦታ አካሉ ይመረጣል፤ Merge solids የሚለው ምልክት ይደረግበታል፤ ሁለቱ ግማሾች አንድ አካል ይሆናሉ። ለእንዲህ ያለ ሳጥን ሁለተኛው ይመረጣል፤ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥም አንድ መስመር ብቻ ይይዛል።

በጣም የተለመደው ብልሽት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከመገልበጡ በፊት ጠርዞችን ሁሉ በአንዴ መርጦ ያጠጋጋ ሰው፣ በFront Plane ላይ ያሉትንም ጠርዞች አብሮ አጠጋግቷል። ሲገለበጥ ሳጥኑ መሃል ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ ይወጣል። በመገልበጫው ወለል ላይ ያለ ጠርዝ ከመገልበጡ በፊት አይነካም። ወለሉን የሚያቋርጥ ወይም በላዩ ላይ የሚቀመጥ ነገርም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ በጫፉ ግድግዳ ታች፣ መሃል ላይ የሚሆነው የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ ግማሽ ክብ ሆኖ መሳል የለበትም፤ ከተገለበጠ በኋላ ሙሉውን መሳል ነው።

በአንድ ጎን ብቻ የሚኖረውም ወደ ኋላ ይቀራል። የዘይት መጠን ማሳያው መስታወት በአንዱ ግድግዳ ብቻ ነው። በሳጥኑ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ቢገለበጥ ፊደሉ ዞሮ ይነበባል። የቡሎን ጥርስ በእውነተኛ ጠመዝማዛ ተቀርጾ ከተገለበጠ ደግሞ የቀኝ ጥርስ የግራ ይሆናል፤ ስለዚህ በሞዴሉ ላይ ጥርስ በምልክት ብቻ ቢታይ ይበቃል። የሚገባው ሻፍት በአንድ ጎን፣ የሚወጣው በሌላ ጎን ብቅ ማለታቸው ግን ሳጥኑን አይለውጠውም። ክፍት መሆን ወይም መደፈን ያለበት ክዳኑ ነውና ልዩነቱን ክዳኖቹ ይሸከሙታል።

ማፍሰሻውና መስታወቱ ከመጨመራቸው በፊት አንድ ፈተና ማድረግ ይጠቅማል። Mass Properties ስንከፍት የክብደቱ መሃል የት እንደሆነ በሦስት ቁጥሮች ይነግረናል። ሥራችን ትክክል ከሆነ በZ አቅጣጫ ያለው ቁጥር ዜሮ ነው። ዜሮ ካልሆነ ከMirror በኋላ አንድ ጎን ብቻ የነካ ነገር አለ። ሁለተኛው ፈተና የማርሹን ውፍረት ከ20 ወደ 25 መቀየር ነው። የውስጡ ግማሽ ስፋት 22 ሚሊ ተኩል ስለሚሆን፣ የተሳበውን 28 ወደ 30 ተኩል ስንቀይር ጉብታውም ቀዳዳውም በሁለቱም በኩል አብረው መውጣት አለባቸው። አንዱ ባለበት ከቀረ የልኬቱ መነሻ ሌላ ቦታ ነው።

በመጨረሻ ሳጥኑ Split በሚለው ትእዛዝ በTop Plane ላይ ለሁለት ይከፈላል። በሞዴሉ ላይ የግራና የቀኝ ኩሽኔታ ቀዳዳዎች ፍጹም በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ Mirror ይህንን በነጻ ይሰጣል። ቶርኖ ቤት ግን Mirror የለም። የ47ቱ ቀዳዳ H7 በሚባለው ልክ ከ47.000 እስከ 47.025 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የግራው ከቀኙ ትንሽ ቢዛነፍ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች በቡሎን ታስረው፣ ግራና ቀኙ ከማሽኑ ሳይነሳ በአንድ አሠራር መቦርቦር አለባቸው። ይህ ደግሞ ከሞዴሉ አይነበብም፤ ለባለሙያው በሚሰጠው ሥዕል ላይ በጽሑፍ መስፈር አለበት።