እናት ስትሠራው ከጂዲፒ ለምን ይጠፋል?

አንድ ቤት እናስብ። የቤት ሠራተኛዋ በወር 4,000 ብር ይከፈላታል፤ በዓመት 48,000። ይሄ ደሞዝ የአገር ውስጥ ምርት ወይም ጂዲፒ ስሌት ውስጥ ይገባል። ሠራተኛዋ ወጣችና ሥራውን እናት ተረከበች እንበል። ወጡ ይሠራል፣ ልጁም ይታጠባል፤ ጂዲፒ ግን በ48,000 ብር ይቀንሳል።

ደንቡ ራሱ ግራ ያጋባል። በተባበሩት መንግሥታት የሒሳብ መመሪያ መሠረት ለቤት የተቀዳ ውኃና የተለቀመ እንጨት እንደ ምርት ይቆጠራል። በዚያው ውኃና እንጨት ወጥ መሥራት ግን አይቆጠርም!

የኒውዚላንዷ ማሪሊን ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የሞገተችው ይህን ዓይነቱን አቆጣጠር ነው። ታዲያ እንዴት ይቆጠር? ሰዎች 24 ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ይጠየቃል፣ ሰዓቱ በደሞዝ ይባዛል፣ ውጤቱም ከጂዲፒ ጎን ለብቻው ይቀመጣል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ተደርጓል።

ክርክሩ ያለው በማን ደሞዝ ይባዛ የሚለው ላይ ነው። በቤት ሠራተኛ ደሞዝ ካሰላነው ትንሽ ይሆናል፤ ያ ደሞዝ ራሱ ዝቅ ያለው፣ በእኛ እይታ፣ ሥራው «የሴት ሥራ» ስለተባለ ጭምር ነው። ወጥ እያማሰለች ልጅ የምትጠብቅ እናትስ የሠራችው አንድ ሰዓት ነው ሁለት?