የትኛው እግር ከላይ ነው?

ዱካ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ፎቶ አለ እንበል። ኮትና ሱሪ ለብሷል፤ ቀኝ እግሩን በግራው ላይ አነባብሮ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አገጩን በመዳፉ ይዟል። አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ሠዓሊ ይህን አቀማመጥ ወዶታል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ኮት የለበሰውን ሰው ሳይሆን ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነው። ምስል ለሚያመነጭ ፕሮግራም ጉዳዩን በቃላት ብቻ ሲያስረዳው ሽማግሌው ይመጣል፤ አቀማመጡ ግን በየሙከራው ይለዋወጣል። አንዴ እግሩን ዘርግቶ፣ አንዴ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል።

ለዚህ ችግር ሁነኛ መፍትሔ የመጣው በ2023 መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልቭሚን ዣንግ፣ አንዪ ራኦና ማኒሽ አግራዋላ ኮንትሮልኔት የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለውን ምስል አመንጪ ሳይነኩ፣ የከፊል አካሉን ቅጂ አጠገቡ አስቀመጡና ቅጂውን ብቻ ሥዕላዊ መመሪያ እንዲያነብ አሠለጠኑት። ዋናው ሞዴል መሳል የሚያውቀውን አይረሳም፤ ቅጂው ደግሞ የት ምን መዋል እንዳለበት ይጠቁመዋል።

መመሪያው በሁለት መልክ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው አጽም ነው። ኦፕንፖዝ የሚባለው ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ አፍንጫን፣ አንገትን፣ ዓይኖችንና ጆሮዎችን፣ ትከሻን፣ ክርንን፣ አንጓን፣ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይፈልጋል፤ በድምሩ 18 ነጥብ። ነጥቦቹን ጥቁር መደብ ላይ በባለቀለም መስመሮች ያገናኛቸዋል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ የቀኙን እጅ ከግራው የሚለየው እሱ ነው። ፊት፣ ልብስ፣ ውፍረት፣ ዱካው ራሱ ሳይቀር ከዚህ ሥዕል ውጭ ናቸው። ስለዚህ ጎልማሳውን በሽማግሌ፣ ኮቱን በጋቢ ለመተካት አጽሙ እንቅፋት አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው እግሮቹ የተነባበሩበት ቦታ ላይ ነው። በአጽሙ ሥዕል ሁለት መስመሮች ይሻገራሉ፤ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ ግን ምንም ነገር አይናገርም። ሞዴሉ ይገምታል። ግምቱ ሲስት ጭኖቹ እንደ ቀለጠ ሰም ይጣበቃሉ፣ ወይም ከአንዱ ጉልበት ሁለት ባት ይወጣል። ዱካውም ስለማይታወቅ ሽማግሌው አየር ላይ የተቀመጠ መስሎ ሊቀር ይችላል።

የጥልቀት ካርታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንደ ሚዳስ ያሉ ሞዴሎች ከአንድ ፎቶ ብቻ ተነስተው እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምቱና ግራጫማ ሥዕል ያወጣሉ፤ የቀረበው ይነጣል፣ የራቀው ይጠቁራል። ከላይ ያለው ቀኝ ጉልበት ደምቆ፣ ከሥር ያለው ግራ ጭን ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ዱካውም ከነቅርጹ አለ።

ሆኖም የጥልቀት ካርታ ከሚፈለገው በላይ ይናገራል። የኮቱ ትከሻና የሱሪው ጠርዝ ካርታው ላይ ታትመዋል። በሙሉ ኃይሉ ከተሠራበት ሽማግሌው የጋቢ ቀለምና ጥለት ያለው ኮት ለብሶ ይወጣል። ስህተቱን ለመለየት ትከሻውን ማየት ይበቃል፤ ጋቢ ከትከሻ ላይ እየተጣጠፈ ይወርዳል እንጂ እንደ ስፌት ቀጥ ብሎ አይቆምም።

መላው ሁለቱን አጣምሮ ኃይላቸውን መመጠን ነው። ሠዓሊው አጽሙን በ1 ክብደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተወዋል። የጥልቀት ካርታውን ግን ወደ 0.5 ያወርድና ከሥራው 40 በመቶ ላይ እንዲቆም ያዘዋል፤ ምስሉ በ30 እርምጃ የሚሠራ ከሆነ ከ12ኛው በኋላ ካርታው አይጠየቅም ማለት ነው። ይህ የሚሠራበት ምክንያት አለ። ዲፊውዥን ከብናኝ ነጠብጣብ ተነስቶ ምስሉን ደረጃ በደረጃ ሲያጠራ፣ የአካሉ አጠቃላይ አቀማመጥ በቀደሙት እርምጃዎች ይወሰናል፤ የልብስ እጥፋትና የቆዳ መጨማደድ በኋለኞቹ ይመጣል። የትኛው እግር ከላይ እንደሆነ ከተወሰነ በኋላ ካርታው ዝም ሲል ጋቢው እንደልቡ ይወርዳል። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ኮቱ አሁንም ከታየ ካርታውን ቀደም ብሎ ማስቆም፣ እግሮቹ ከተጣበቁ ደግሞ ትንሽ ማቆየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ቢኖር የወጣውን አጽም ቀድሞ ማየትን ነው። ክርኑ ጉልበቱን ሲሸፍነው ኦፕንፖዝ ነጥብ ሊጥል ወይም የአንዱን እግር ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ሳይታረም ክብደትን መጨመር ስህተቱን ማጽናት ነው። ፎቶው አግድም ሆኖ የሚፈለገው ምስል ቁም ከሆነም አጽሙ እንዳይለጠጥ ፎቶውን አስቀድሞ በልኩ መቁረጥ ይሻላል።

ከሽማግሌው ይልቅ የስምንት ዓመት ልጅ ቢፈለግስ? አጽሙ የጎልማሳውን የእጅና የእግር ርዝመት ይዞ ስለሚመጣ፣ የልጅ ፊት ያለው ትልቅ ሰው ይወጣል። ነጥቦቹን በማረሚያው እያንቀሳቀሱ እጅና እግሩን ማሳጠር፣ ጭንቅላቱንም ከአካሉ አንጻር ማተለቅ ይቻላል። የጥልቀት ካርታው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረምም፤ ከተስተካከለው አጽም ጋርም ስለሚጋጭ ለልጁ ምስል ካርታውን ማጥፋት፣ ወይም ተመሳሳይ አቀማመጥ ያለው የልጅ ፎቶ መፈለግ ግድ ይላል።